ደካማ ባንድ፣ የጠቆረ ሜምብሬን፣ ያልተጠበቀ መጠን፦ በሪፖርቱ ውይይት የትኛውን ምክንያት እንምረጥ?

የዌስተርን ብሎት ምስል ሳያምር ሲቀር የላቦራቶሪ ሪፖርቱ የውይይት ክፍል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮቲኑ በደንብ ሳይተላለፍ ቀርቶ ይሆናል፤ አንቲቦዲው ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ እጥበቱም በቂ ላይሆን ይችላል።» ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሊሆን የሚችለውን ሁሉ የደረደረ ተማሪ አንዱንም አልመረጠም፤ አራሚውም የሚፈልገው ምርጫውንና የመረጠበትን ማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ባነሳቸው ምስሎች ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በታች አንድ ብሎት ይዘን፣ ተፎካካሪ ምክንያቶች በምን እንደሚለዩ እናያለን።

የያዝነው ፕሮቲን ፒ53 ነው። ለዚህ ሥራ የሚመች ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱንም ችግሮች ይጋብዛል። ባልተጎዳ ሕዋስ ውስጥ ኤምዲኤም2 የተባለው ፕሮቲን ፒ53ን እየለየ ለመፍረስ ስለሚያዘጋጀው መጠኑ ትንሽ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ መፍረሱ ይቀንስና ይከማቻል። ስሙ የወጣለት በጄል ላይ 53 ኪሎዳልተን አካባቢ ስለሚታይ ነው፤ የ393 አሚኖ አሲዶቹ ክብደት ሲደመር ግን 44 ኪሎዳልተን እንኳ አይሞላም። ፕሮሊን የበዛበት ክፍሉ በጄሉ ውስጥ ጉዞውን ያዘገየዋል። ይህን ልዩነት አስታውሱ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሙከራው እንዲህ ነበር እንበል። ጤናማ የፒ53 ጂን ያላቸው የጡት ካንሰር ሕዋሶች፣ ማለትም ኤምሲኤፍ-7፣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ክፍል ዲኤንኤን የሚጎዳውን ዶክሶሩቢሲን ተሰጠው፤ ሌላው አልተሰጠውም። ሦስተኛው ናሙና ፒ53 ጨርሶ የሌለው ኤች1299 የተባለው የሳንባ ካንሰር ሕዋስ ነው። በየመስመሩ 20 ማይክሮግራም ፕሮቲን በ10 በመቶ ጄል ላይ ተጭኖ ወደ ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን ተላለፈ። ሜምብሬኑ በ5 በመቶ የወተት ዱቄት ለ30 ደቂቃ ተሸፈነ። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከአይጥ የተገኘው ዲኦ-1 ነው፤ በ1:500 ቀጠነ። ኤችአርፒ የተባለውን ኤንዛይም የተሸከመው ሁለተኛው አንቲቦዲ በ1:1000 ቀጠነ፤ አምራቹ ግን የሚመክረው ከ1:5000 ጀምሮ ነው። በመጨረሻም ኤንዛይሙ ሲነካው ብርሃን የሚሰጠው ኢሲኤል ፈሳሽ ተደርጎ ብርሃኑ ተነሣ፤ በምስሉ ላይ ብርሃን ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ በዚያው ሜምብሬን ላይ አክቲን በተመሳሳይ ሁለተኛ አንቲቦዲ ተፈተሸ።

ውጤቱ ሦስት እንከን አለው። ዶክሶሩቢሲን በተሰጠው መስመር የፒ53 ባንድ ካልተሰጠው ይልቅ ይጎላል፤ ግን ሁለቱም ፈዛዛ ናቸው። ሜምብሬኑ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ከፒ53 ዝቅ ብሎ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ጥርት ያለ ባንድ በሦስቱም መስመሮች ላይ አለ። የአክቲን ባንዶች ወፍራም ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን መሐላቸው ነጭ ነው።

ባንዱ ለምን ፈዘዘ?

ፈዛዛ ባንድ አራት ዓይነት ምንጭ አለው፦ የተጫነው ፕሮቲን አንሷል፣ ከጄሉ ወደ ሜምብሬኑ አልተላለፈም፣ አንቲቦዲው ወይም የብርሃን ምርመራው አልሠራም፣ አለዚያም ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ በእርግጥ ጥቂት ነው። አራቱን ለመለየት አዲስ ሙከራ ከማሰብ በፊት ያሉትን ምስሎች በየተራ መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ምስክር የፖንሶ ቀለም ነው። ዝውውሩ እንዳለቀ፣ ከወተቱ በፊት ሜምብሬኑ በዚህ ቀይ ቀለም ሲነከር በየመስመሩ ያለው ፕሮቲን በሙሉ ይታያል። መስመሮቹ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀይ ከሆኑ የጭነት ማነስም ሆነ የዝውውር መክሸፍ ከውድድሩ ወጥተዋል። በአንድ ቦታ ክብ ነጭ ባዶ ካለ በጄሉና በሜምብሬኑ መካከል የአየር አረፋ ነበረ ማለት ነው። በእኛ ብሎት ፖንሶው እኩል ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ምስል ሳያነሳ ቀለሙን ያጥበዋል፤ በኋላም ስለ ዝውውር የሚጽፈው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ሁለተኛው ምስክር አክቲን ነው፤ እሱን ግን ከሚችለው በላይ እንዳታናግሩት። አክቲን 42 ኪሎዳልተን ስለሆነ ለፒ53 ቅርብ ነው፤ እሱ በደንብ ከተላለፈ ፒ53 ብቻውን ጄሉ ውስጥ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ይህ ሙግት የሚሠራው ግን መጠናቸው ለተቀራረበ ፕሮቲኖች ብቻ ነው። ከ200 ኪሎዳልተን በላይ የሆነ ፕሮቲን አክቲን ሲያልፍ ጄሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ እንደ ሂስቶን ያለ ትንሽ ፕሮቲን ደግሞ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ሜምብሬን ውስጥ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ሌላው ገደብ የአክቲን ብዛት ነው። በ20 ማይክሮግራም ናሙና ውስጥ በጣም ብዙ ስለሆነ ባንዱ ቶሎ ጣሪያ ይነካል፤ አንዱ መስመር ከሌላው ግማሽ ያህል ቢጫንበት እንኳ ሁለቱ ባንዶች እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ የእኛ አክቲን ዝውውሩ እንደሠራ ይመሰክራል፤ ጭነቱ እኩል መሆኑን ግን የሚነግረን ፖንሶው ነው።

ኤችአርፒን የሚያከሽፈው ሶዲየም አዛይድስ? አንቲቦዲ እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ነው፤ ከኤችአርፒ ጋር ከተገናኘ ኤንዛይሙን ያሰናክላል። ሁለተኛው አንቲቦዲ በአዛይድ ተበክሎ ቢሆን ኖሮ ግን አክቲንም ባልበራ ነበር፤ ሁለቱም የበሩት በዚያው ኤንዛይም ነው። ያረጀ የኢሲኤል ፈሳሽም በዚሁ መንገድ ይወገዳል።

ፕሮቲኑ በእርግጥ ጥቂት የሆነበት ዕድል በቁም ነገር መታየት አለበት፤ ብዙ ሪፖርቶች የሚዘሉት ይህንን ነው። ሙከራው በሄላ ሕዋሶች ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ፈዛዛው ባንድ ትክክለኛ ውጤት በሆነ ነበር። ሄላ ውስጥ ያለው የፓፒሎማ ቫይረስ 18 ኢ6 የተባለውን ፕሮቲን ያመርታል፤ ኢ6 ደግሞ ፒ53 እንዲፈርስ ያደርጋል። ኤምሲኤፍ-7 ይህ የለበትም፤ መድኃኒቱም ባንዱን እንዳጎላው በምስሉ ላይ ይታያል። ሥነ ሕይወቱ ሠርቷል፤ የደከመው የብርሃን ምልክቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአክቲን ባንዶች ነጭ መሐል የሚናገረው። ኤችአርፒ በአንድ ቦታ ከመጠን በላይ ሲከማች በዙሪያው ያለውን የኢሲኤል ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ካሜራው ሲከፈት ብዙ ፕሮቲን ያለበት መሐል ነዳጁን ጨርሶ ጨልሟል፣ ጠርዙ ግን ገና ይበራል። ሁለተኛው አንቲቦዲ ከሚመከረው አምስት እጥፍ ወፍራም ስለነበር ይህ መሆኑ አያስገርምም። በሜምብሬኑ ሁሉ ላይ የተጣበቀው ትርፍ ኤንዛይምም ፈሳሹን ይሻማል፤ ጥቂት ኤችአርፒ ያለበት የፒ53 ባንድ የሚደርሰው ያንሳል፤ የደረሰውም ከጠቆረው ዙሪያ ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ አይታይም። ይህን የሚያጸና ቀላል ማስረጃ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፦ ፈሳሹ እንደፈሰሰ የተነሣውንና ከ10 ደቂቃ በኋላ በእኩል የጊዜ ርዝመት የተነሣውን ምስል አነጻጽሩ። የኋለኛው በጣም ከደበዘዘ ነዳጁ ያለ ጊዜው አልቋል።

ጥቁረቱ የት የት ነው?

ለባክግራውንድ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ምን ያህል እንደጠቆረ ሳይሆን የት እንደጠቆረ ጻፉ። ጥቁረቱ በናሙና መስመሮቹ ውስጥ ብቻ ተወስኖ መሐላቸው ንጹህ ከሆነ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ነው፣ ወይም ጭነቱ በዝቷል። ነጠብጣብ ከሆነ ያልሟሟ የወተት ዱቄት ወይም የረጋ አንቲቦዲ ነው፤ መፍትሔውም ወተቱን ማጣራት፣ አንቲቦዲውን በሴንትሪፉጅ ማሽከርከር ነው። ድንበሩ የሚታይ ጉራማይሌ ጥቁረት ደግሞ ሜምብሬኑ በሥራ መካከል በከፊል ደርቆ እንደነበር ያሳያል።

የእኛው ግን ዳር እስከ ዳር ነው፤ ምንም የሕዋስ ናሙና ያልተጫነበት፣ የመጠን መለኪያው ብቻ ያለበት መስመር ጭምር ጠቁሯል። ናሙና በሌለበት ቦታ የሚጠቁር ነገር ከናሙናው ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው፦ ያጠረው የወተት ሽፋን እና የበዛው ሁለተኛ አንቲቦዲ። ለአንድ ሰዓት የሚደረገው ሽፋን በ30 ደቂቃ መቋረጡ ፒቪዲኤፉ ላይ ያልተሸፈነ ቦታ ሊተው ይችላል፤ ትርፉ አንቲቦዲ ደግሞ ያንን ቦታ ይሞላዋል። ከጥቁረቱ መልክ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። እኔ ወደ ሁለተኛው አንቲቦዲ የማዘነብለው በሌላ ምክንያት ነው፦ የሽፋን ማነስ የአክቲንን ነጭ መሐል አያስረዳም፤ የኤንዛይም መብዛት ግን ጥቁረቱንም ነጩን መሐልም ፈዛዛውን ባንድም በአንድነት ያስረዳል። ሪፖርቱ ላይ ይህንን በግልጽ ጽፎ፣ ሽፋኑ ግን እንዳልተወገደ ማመልከት ተገቢ ነው።

ያልተጠበቀው ባንድ ማነው?

መጀመሪያ መጠኑ ይሰላ፤ «ከ55 ትንሽ ዝቅ ይላል» ማለት አይበቃም። በጄል ላይ የተጓዘው ርቀት የሚመጣጠነው ከክብደቱ ሎጋሪዝም ጋር ነው። በእኛ ምስል የመለኪያው 55 ኪሎዳልተን ባንድ 24 ሚሊሜትር፣ 40 ኪሎዳልተኑ 32 ሚሊሜትር ተጉዘዋል። የ55 ሎጋሪዝም 1.740፣ የ40 ደግሞ 1.602 ነው፤ ልዩነቱ 0.138 ለስምንት ሚሊሜትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 0.01725 ይደርሳል። ፈዛዛው ባንድ 25 ሚሊሜትር ላይ ስለሆነ 1.723 ይሆናል፤ ይህም 53 ኪሎዳልተን ነው። እንግዳው ባንድ 29 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ ሎጋሪዝሙ 1.654፣ ክብደቱ 45 ኪሎዳልተን አካባቢ። በማስመሪያ ንባብ ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት አንድ ኪሎዳልተን ያህል ያዛባል፤ ቀለም የተጣበቀባቸው የመለኪያ ፕሮቲኖች ራሳቸውም ከእውነተኛ መጠናቸው ትንሽ ሊርቁ ይችላሉ። ስለዚህ «45 አካባቢ» ብሎ መጻፍ ነው እውነቱ።

አሁን አራት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ፤ የመጀመሪያው በጣም ያሳስታል። የፒ53 ስሌታዊ ክብደት 44 ገደማ ስለሆነ፣ «እውነተኛው ፒ53 ይህ ነው፤ የላይኛው ነው እንግዳው» ለማለት ይቃጣል። ሁለተኛው፣ ከፒ53 አጫጭር ቅጂዎች አንዱ ነው። ሦስተኛው፣ ናሙናው ሲዘጋጅ በፕሮቲን ፈጪ ኤንዛይሞች የተቆረጠ ፒ53 ነው። አራተኛው፣ ፒ53 ያልሆነ ሌላ ፕሮቲን ነው።

ዳኛው ኤች1299 ነው። ፒ53 በሌለው ሕዋስ ውስጥ ባንዱ በእኩል ጉልበት ከታየ ሦስቱ የመጀመሪያ ማብራሪያዎች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ፤ የሌለ ፕሮቲን አያጥርም፣ አይቆረጥም። በተጨማሪ ዶክሶሩቢሲን የላይኛውን ባንድ ሲያጎላ ይህኛውን አልነካውም። የአክቲን ቅሪት ነው እንዳይባል ደግሞ አክቲን የተፈተሸው ከፒ53 በኋላ ነው። ቀሪው አራተኛው ነው።

ባንዱ ኤች1299 ላይ ባይታይና በኤምሲኤፍ-7 ብቻ ቢኖርስ? ያኔ የሚወስነው አንቲቦዲው ፕሮቲኑን የሚይዝበት ቦታ ነው። ዲኦ-1 የሚይዘው የፒ53ን መነሻ፣ ከ20ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ ያለውን ክፍል ነው። ዴልታ40 የተባለው አጭር ቅጂ ከ40ኛው አሚኖ አሲድ ስለሚጀምር ዲኦ-1 ጨርሶ ሊያየው አይችልም፤ ተማሪው መጠኑ ተቀራርቦለት ይህን ስም ቢጽፍ ማብራሪያው በራሱ አንቲቦዲ ይፈርሳል። መነሻውን ይዞ መጨረሻው ያጠረው ፒ53 ቤታ ግን ይታያል፤ ከመጨረሻው በኩል የተቆረጠ ስባሪም ይታያል። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ናሙናውን በበረዶ ላይ፣ የፕሮቲን ፈጪዎች ማገጃ ጨምሮ እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል፦ ስባሪው ይጠፋል ወይም ይቀንሳል፣ ቅጂው ይቆያል።

ናሙናው የአይጥ ሕብረ ሕዋስ ቢሆን ኖሮ አምስተኛ ተጠርጣሪ ይኖር ነበር። ፀረ አይጥ የሆነው ሁለተኛው አንቲቦዲ በሕብረ ሕዋሱ ደም ውስጥ ያሉትን የአይጥ አንቲቦዲዎች ይይዛል፤ እነሱም በ50 እና በ25 ኪሎዳልተን ይታያሉ። 50 ለፒ53 በጣም ስለሚቀርብ ብዙ ሰው አሳስቷል። እዚህ የሰው ሕዋስ በመሆኑ አይመለከተንም።

በሪፖርቱ ላይ እንዴት ይጻፍ?

ከላይ ያለው ሙግት በውይይቱ ውስጥ እንዲህ ሊያጥር ይችላል፦

«የፒ53 ባንድ በ53 ኪሎዳልተን ታይቷል፤ በዶክሶሩቢሲን ጎልቷል፤ በኤች1299 አልታየም። ስለዚህ ማንነቱ የተጠበቀው ነው። ምልክቱ ፈዛዛ ቢሆንም ፖንሶው እኩል በመሆኑና አክቲን በመታየቱ ምክንያቱ የጭነት ወይም የዝውውር ጉድለት አይመስለንም። ሜምብሬኑ ናሙና በሌለበት መስመር ጭምር መጥቆሩና የአክቲን ባንዶች መሐል መንጣቱ ሁለተኛው አንቲቦዲ (1:1000) መብዛቱን ይጠቁማል፤ የሽፋን ጊዜ ማጠር አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመለየት የሚያስችል ማስረጃ የለንም። በ45 ኪሎዳልተን አካባቢ ያለው ባንድ በኤች1299 ላይም በእኩል መጠን ስለታየ የፒ53 ውጤት አይደለም። የአክቲን ባንዶች ጣሪያ ስለነኩ የፒ53 ጭማሪ በቁጥር አልተገለጸም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዉት። መሐሉ የነጣ ባንድ ሲለካ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር አካፍሎ «ፒ53 በሦስት እጥፍ ጨመረ» ማለት ቁጥር መፍጠር ነው።

ሙከራውን አንድ ጊዜ ብቻ ለመድገም ዕድል ካለ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ ማሻሻል ነው፦ ወተቱን አንድ ሰዓት፣ ሁለቱንም አንቲቦዲዎች ቀጭን፣ እጥበቱን ረዥም። ምስሉ ያምራል፤ የትኛው ለውጥ እንዳሳመረው ግን አይታወቅም። ለሪፖርት የሚጠቅመው ሌላኛው ነው። ዶክሶሩቢሲን የተሰጠውን ናሙና በአምስት ተከታታይ መስመሮች በእኩል መጠን ጭናችሁ፣ ከዝውውር በኋላ ሜምብሬኑን በየመስመሩ ቁረጡት። አራቱን ለአንድ ሰዓት፣ አንዱን ለ30 ደቂቃ ሸፍኑ። አንድ ሰዓት ከተሸፈኑት ሁለቱ ዲኦ-1 አይደረግባቸውም፤ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ በ1:1000 እና በ1:10000 ያገኛሉ። ሌሎቹ ሁለት ዲኦ-1ን በ1:500 እና በ1:2000፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ1:10000 ያገኛሉ። ለ30 ደቂቃ የተሸፈነው ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ በ1:10000 ያገኛል። አምስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በአንድ ጊዜ አንሱ።

1:1000 ያለው ቁራጭ ጠቁሮ፣ ዲኦ-1 ሳይደረግባቸው በ1:10000 ያሉት ሁለቱ ንጹህ ከሆኑ ጥፋቱ የሁለተኛው አንቲቦዲ ነው። 30 ደቂቃ የተሸፈነው በ1:10000 እንኳ ከጠቆረ ወተቱም ድርሻ ነበረው። የ45 ኪሎዳልተኑ ባንድ ዲኦ-1 በሌለበት ቁራጭ ላይ ከታየ የሁለተኛው አንቲቦዲ ነው። ዲኦ-1 ባለበት ብቻ ታይቶ በ1:2000 ከጠፋ፣ ፒ53 ግን ከቆየ፣ የ1:500ው ውፍረት ነበር ምክንያቱ። በሁለቱም ውፍረት ከፒ53 ጋር እኩል ከቆየ ግን ዲኦ-1 በእነዚህ ሕዋሶች ውስጥ ሌላ ፕሮቲን በጽኑ ይይዛል ማለት ነው፤ ያኔ ማቅጠን አይረዳም፣ ባንዱን በምስሉ ላይ በቀስት አመልክቶ ኤች1299ን በማስረጃነት ከጎኑ ማቅረብ ይበቃል።